ሁለት ጄሪካን ነሐሴ ላይ ይበቃል፣ መጋቢት ላይ ግን አይበቃም፤ የላም ውሃ እንዴት ይሰላል

ባለፈው መጋቢት ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ በኩል ጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ እስቲ ና ቡሬን እያት፣ ወተቷ እየቀነሰ ነው» አሉኝ። እኛ ያለነው ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ ነው፣ ድሮ እርሻ የነበረ አሁን ግማሹ ግንብ ግማሹ በረት የሆነ ሰፈር፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ፈረቃው ራሱ ይረሳናል። ቡሬ የፍሪዥያን ዲቃላ ናት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከወለደች ሦስት ወር ገደማ። 12 ሊትር ትሰጥ የነበረችው 9 ላይ ወርዳለች። አትታመምም፣ ትኩሳት የላትም፣ ጡቷን ፈትሼዋለሁ ችግር የለበትም። ብቻ ገለባውን ግማሹን ትታዋለች፣ እበቷም ደርቆ እንደ ፈረስ ፋንድያ ተቆላልሏል።

«ውሃ ስንት ነው የምትሰጧት?» ስል «ያው እንደ ሁሌው፣ ሁለት ጄሪካን፣ ክረምቱን ሙሉ እኮ እሱን ስትጠጣ ነው የከረመችው፣ እንደውም ታስተርፍ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነሐሴ ላይ ታስተርፍ ነበር። ጉዳዩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ላም በቀን ይህን ያህል ትጠጣለች ብሎ አንድ ቁጥር ይይዝና ዓመቱን ሙሉ በሱ ይሄዳል፣ የላም የውሃ ፍላጎት ግን አንድ ቁጥር አይደለም፣ በምትበላው፣ በምትታለበውና በፀሐዩ እየተቀያየረ የሚሄድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ውሃው ምን እንደሚሰራ እንይ። ላም የበላችው ገለባ ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚፈላው ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው። ውሃ ካነሰ ፍላቱ ይዘገያል፣ ጨጓራው ቶሎ አይጎድልም፣ ስለዚህ ሆዷ ሞልቶ እያለ ነው መብላት የምታቆመው። ባለቤቱ የሚያየው «ላሜ ምግብ አስጠላት» የሚለውን ነው፣ ከዛ ፉርሽካ ይጨምራል፣ ፋጉሎ ይገዛል፣ ብሩ ይወጣል፣ ውሃው ግን ያው ነው። ሁለተኛው ወተቱ ራሱ ነው፣ ከ100 እጁ 87 ገደማው ውሃ ነው፣ ስለዚህ 12 ሊትር ስትታለብ ከ10 ሊትር በላይ ንጹህ ውሃ ከሰውነቷ አውጥተህ ወሰድክ ማለት ነው። ሦስተኛው በትንፋሽና በላብ የሚሄደው ነው፣ ይሄ ደግሞ በሙቀት ቀን ነው የሚጨምረው።

እዚህ ላይ «አዲስ አበባ ምን ሙቀት አለና» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ አፋር አይደለንም። ግን በአቃቂና በገላን በኩል ከየካቲት እስከ ግንቦት ቀን ላይ 26፣ 27 ዲግሪ ማየት ብርቅ አይደለም፣ ፍሪዥያን ደም ያላት ላም ደግሞ 25 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ ነው ሙቀቱ የሚጀምራት፣ ብዙ ወተት የምትሰጠዋ ደግሞ ከዛም ቀድሞ። በዛ ላይ በረቱ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ ነው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ከስሩ ስትቆም ራስህን የሚጠብስህ አይነት። ላሟ የምትሰማው የአየሩን ሙቀት ብቻ አይደለም፣ የቆርቆሮውንም ነው። የሀገር ላም ይሄንን በደንብ ትችለዋለች፣ ዲቃላዋ ግን በፍሪዥያንነቷ መጠን እየከበዳት ይሄዳል። ለማወቅ ከፈለግክ በተኛችበት ከጎኗ ሆነህ የጎድኗን መነሳትና መውደቅ ለ30 ሰከንድ ቁጠርና በሁለት አባዛው፣ ከ60 ካለፈ ሙቀቱ ይዟታል።

እሺ ወደ ስሌቱ። እኔ የምጠቀምበት የጣት ስሌት ቀላል ነው። ላሟ በቀን የምትበላውን ምግብ ደረቁን ብቻ በኪሎ ታወጣለህ፣ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ በ4፣ በሞቃት ጊዜ በ5 ታባዛዋለህ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት አንድ ሊትር ትጨምራለህ፣ ከዛ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ትቀንሳለህ። የቀረው መጠጣት ያለባት ነው።

«ደረቁን ብቻ» የሚለው ነው ሰውን የሚያምታታው። ገለባ፣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ እነዚህ 10 ኪሎ ስትመዝን 9 ኪሎ ያህሉ ደረቅ ነው፣ ውሃው አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። እርጥብ ሳር ግን ተቃራኒው ነው፣ 10 ኪሎ ሳር ስትመዝን ደረቁ ሁለት ኪሎ ከምናምን ነው፣ ቀሪው ውሃ ነው። የቢራ ፋብሪካ ብቅል ተረፈ ምርትም እንደዛው ነው፣ እርጥቡን የምትገዛ ከሆነ ከአራቱ ሦስቱን እጅ ውሃ ነው የገዛኸው፣ የጠላ አተላ ደግሞ ከዛም ይብሳል። ስለዚህ ሳርና አተላ የምታበላ ሰው ሳያውቀው ውሃም እያጠጣ ነው።

አሁን የቡሬን ነሐሴ እንስራ። ያኔ 30 ኪሎ ገደማ እርጥብ ሳር ይታጨድላት ነበር፣ ከሱ 7 ኪሎ ደረቅ በል፣ 23 ሊትር ውሃ ደግሞ አብሮ ገባ። ፉርሽካና ፋጉሎው 4 ኪሎ ያህል ደረቅ ይሆናል። ድምሩ 11። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ በ4 ስናባዛው 44፣ ለ12 ሊትር ወተት 12 ሲጨመር 56። ከሱ ላይ ከሳሩ ጋር የገባውን 23 ስንቀንስ 33 ሊትር ይቀራል። ሁለት ጄሪካን 40 ሊትር ነው። ስለዚህ እትዬ «ታስተርፍ ነበር» ያሉት ልክ ነው፣ ስሌቱም ያንኑ ነው የሚለው።

መጋቢት ላይስ? ሳር የለም። የጤፍ ጭድ፣ ትንሽ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ሁሉም ደረቅ ነው። ደረቁ ያው 11 ኪሎ ነው እንበል። በ5 ስናባዛው 55፣ የወተቱ 12 ሲጨመር 67 ሊትር። ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ሊትር ቢሆን ነው፣ እሱን እርሳው። የምታገኘው 40፣ የምትፈልገው 67፣ በየቀኑ ከአንድ ጄሪካን በላይ ጎድሎባታል ማለት ነው። ማንም አልቀነሰባትም እኮ፣ ሁለት ጄሪካኑ ሁለት ጄሪካን ነው፣ የጠፋው ከሳሩ ጋር ይመጣ የነበረው ውሃ ነው። ይሄን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያቸው እትዬ ዝም ብለው ቆዩና «እና ሳሩን የምገዛው ለውሃውም ነበራ» አሉ። ከኔ ማብራሪያ የሳቸው ይሻላል።

ስሌቱን ከአየር ያመጣሁት እንዳይመስልህ። በፈረንጆቹ 1983 እነ መርፊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለወተት ላሞች ያወጡት ፎርሙላ አለ፣ የደረቅ ምግቡን፣ የወተቱን፣ የጨው ሶዲየሙንና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይጠይቃል። የቡሬን መጋቢት በሱ ስሰራው፣ ሌሊቱን 12 ዲግሪ አድርጌ፣ 60 ሊትር ገደማ ነው የሰጠኝ። የኛ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝና ፎርሙላው የሚያየው ሌሊቱን ስለሆነ ቀኑን ቆርቆሮ ስር የምትውልን ላም ትንሽ ያሳንስባታል ብዬ ነው የማስበው፣ ለዚህ ነው ወደ 67ቱ የማደላው። ደግሞ ጨው ስትልስ የዋለች ወይም ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈር የተሰጣት ላም ከዚህም ትጨምራለች፣ የዛን ቀን «ምን ነካት» አትበል።

የምግቡን ኪሎ እንዴት ላውቅ የሚል ካለ፣ ግምት ተውና አንዴ መዝን። አንድ ማዳበሪያ ጭድ ሞልተህ ወፍጮ ቤት ውሰድና ሚዛን ላይ አውጣው፣ ከዛ በኋላ በቀን ስንት ማዳበሪያ እንደምትሰጥ መቁጠር ነው። ፉርሽካውንም የምትሰፍርበትን ጣሳ አንዴ መዝነው። እና በርግጥ የምትበላውን ነው የምትቆጥረው፣ ግርግሙ ላይ የተረፈውን አይደለም።

ቡሬ ብቻዋን አይደለችም እትዬ ጋ። ሻሺቱ የምትባል የነጠፈች ርጉዝ ላም አለች፣ አንድ ጊደር አለች፣ የቡሬ ጥጃ አለች፣ ሦስት በጎች ደግሞ ለፋሲካ። ለሁሉም አንድ ላይ ሰራነው። ሻሺቱ አትታለብም፣ ግን 9 ኪሎ ደረቅ ትበላለች፣ በ5 ሲባዛ 45። የነጠፈች ላም ውሃ አያስፈልጋትም የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ረስቶ ነው። ጊደሯ 5 ኪሎ ትበላለች፣ 25። በጎቹ በሙቀት አምስት አምስት ሊትር ብንይዝላቸው 15። ጥጃዋ 6።

ጥጃዋ ላይ ትንሽ ልቁም። «ወተት ትጠባ የለ እንዴ፣ ውሃ ምን ያደርግላታል» ነበር ያሉኝ፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚያስበው። ጥጃ ወተት ስትጠባ ወተቱ ትልቁን ጨጓራ በጎን አልፎ ቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ነው የሚገባው። ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚገባው በባልዲ የምትጠጣው ውሃ ነው፣ ጨጓራው የሚያድገውም ፉርሽካዋና ያ ውሃ ተገናኝተው ሲፈሉ ነው። ስለዚህ ውሃ ያላገኘች ጥጃ ፉርሽካ ትንቃለች፣ ሆዷ አያድግም፣ ወተት በምታቆምበት ጊዜ ደግሞ ትከሳለች። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ትንሽ ንጹህ ውሃ ለብቻዋ አስቀምጥላት፣ ከእናትየው ገንዳ ሳይሆን።

እንግዲህ 67፣ 45፣ 25፣ 15 እና 6 ሲደመር 158 ሊትር። ለሚደፋውና ለሚፈሰው 10 በመቶ ጨምርበት፣ ገንዳውን በየቀኑ ለማጠብ አንድ ጄሪካን፣ ወደ 195 ይመጣል። አንድ በርሜል! አንድ በርሜል 200 ሊትር አይደል፣ ወይም 10 ጄሪካን። በቀን አንድ በርሜል ማለት ደግሞ ለማስታወስ አያስቸግርም። ጡት ማጠቢያውና የበረቱ ማጽጃ ውሃ ከዚህ ውጪ ነው። ውሃው በፈረቃ ሦስት ቀን ቢጠፋ 600 ሊትር ገደማ ተቀምጦ መገኘት አለበት፣ ግቢው ውስጥ ያለው 1000 ሊትር ሮቶ ከብቶቹን ብቻ ቢያጠጣ አምስት ቀን ያቆያል፣ ቤተሰቡ አብሮ ከተጠቀመ ግን ሦስትም አይሞላም። እትዬ የቦቴ ውሃ የሚያዝዙበትን ቀን ከዚህ ቁጥር ላይ ነው አሁን የሚያወጡት፣ ድሮ ሮቶው ሲንኳኳ ባዶ ድምጽ ሲሰጥ ነበር።

ስሌት ግን ስሌት ነው፣ ላሟ አላነበበችውም። ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል። የምናደርገው እንዲህ ነው፣ ቡሬን ለብቻዋ በርሜል ቆርጠን የሰራንላት ገንዳ ላይ አሰርናት፣ ውሃውን በጄሪካን እየቆጠርን ሞላን፣ ልጃቸው ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ አንድ ጭረት ይጭራል፣ በማግስቱ በዛው ሰዓት የተረፈውን መልሰን ቀድተን እንቀንሳለን። ትልቁ ነገር ሁሌም መትረፍ አለበት። ገንዳው ባዶ ሆኖ ካገኘኸው ስንት እንደጠጣች አወቅክ እንጂ ስንት እንደፈለገች አላወቅክም፣ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቡሬ የመጀመሪያውን ቀን 78 ጠጣች፣ ጥሟን መወጣቷ ነበር፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ 65 እና 68 መሃል ሆነች። ወተቱም በሳምንቱ 11 ተኩል ገባ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀኑን ሙሉ ጭራሽ ውሃ ያላየ ከብት ካጋጠመህ አንድ ጊዜ አትልቀቀው፣ በተለይ ጥጃ። ተጠምታ የቆየች ጥጃ እንዳሻት ከጠጣች ደሟ ውስጥ ያሉት ሴሎች በውሃው አብጠው ይፈነዳሉ፣ ሽንቷ ቀይ ይሆናል፣ ትሞታለችም። ትንሽ ሰጥተህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ፣ ድገም፣ እንደዛ እያልክ አርካት።

ከመጠኑ ሌላ ሰዓቱም አለ። እትዬ ውሃ ይሰጡ የነበረው እኩለ ቀን ላይ አንዴ ነበር፣ ሁለቱንም ጄሪካን በተከታታይ። ላም ግን በጣም የምትጠጣው ከታለበች በኋላና ምግብ በልታ ስትጨርስ ነው፣ ያኔ አግኝታ ከሆነ በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ትስበዋለች፣ 20 ሊትር ባልዲ አየሁት ስትል ያልቃል። ስለዚህ ታልባ ስትጨርስ ከፊቷ የሞላ ገንዳ መኖር አለበት። ቀኑን ሙሉ ፊቷ ማቆየት የማትችል ከሆነ ቢያንስ ከጠዋትና ከማታ እልበት በኋላ እንዲሁም እኩለ ቀን ላይ፣ ሦስት ጊዜ። ደግሞ ውሃው ሙቅ እንዳይሆን፣ ጥቁር ጎማ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ውሎ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ እጅ ያቃጥላል፣ እሱን መሬት ላይ ሳይሆን ለበረት ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ አፍስሰው፣ ቀዝቀዝ ያለው ሲመጣ ገንዳውን ሙላ። ገንዳውም ጥላ ስር ይሁን። በረዶ የመሰለ ውሃ ግን አያስፈልግም፣ ለብ ያለውንም በደስታ ነው የሚጠጡት፣ የማይወዱት የፀሐይ ሙቀት የገባበትን ነው።

አሁን ወደ ንጽህናው፣ ምክንያቱም 67 ሊትር አቅርበህ ውሃው ከሸተተ ላሟ 40 ጠጥታ ነው የምትተወው፣ ተመልሰን መጋቢት ውስጥ ገባን ማለት ነው።

የእትዬን የድሮ ሲሚንቶ ገንዳ ያኔ እጄን አስገብቼ ታቹን ዳሰስኩት። ከላይ ሲያዩት ጥሩ ነው፣ ጥርት ያለ ውሃ። ታቹ ላይ ግን አንድ ጣት የሚሆን ጭቃ የመሰለ ነገር ተኝቷል፣ አውጥቼ ሳሸተው ኮመጠጠኝ፣ እንደ ሰነበተ ቡኮ። ፉርሽካ ነው። ላም ፉርሽካ በልታ አፏን ሳትጠርግ ነው ውሃ የምትጠጣው፣ ከአፏ የረገፈው ታች ይሰምጣል፣ በሙቀት በሁለተኛው ቀን መፍላት ይጀምራል። ግድግዳው ደግሞ ያሟልጫል፣ ያ ሙልጭልጭታ የባክቴሪያ ቤት ነው፣ ፀሐይ የሚያገኘው በኩል አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ ብትቀይርም ቤቱ እዛው ስላለ አዲሱን ውሃ በሰዓታት ውስጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ የገንዳ ንጽህና ማለት ውሃ መቀየር አይደለም፣ መፈተግ ነው።

እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው። በየቀኑ ጠዋት ከእልበት በፊት የተረፈውን ውሃ ደፍቶ (አትክልቱ ላይ እንጂ በረቱ ላይ አይደለም) ታቹን በቡሩሽ ጠርጎ በትንሽ ውሃ አለቅልቆ መሙላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በረኪና። 5 በመቶ የሚለው በረኪና ከሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፣ በ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ነው፣ በሻይ ማንኪያ ስምንት። መጀመሪያ ግን ፈትገህ ቆሻሻውን ማስወጣት አለብህ፣ በረኪና ቆሻሻ ላይ ስትደፋው ቆሻሻውን ሲታገል ነው የሚያልቀው። ከዛ ግድግዳውን በሙሉ በዚህ ቀብተህ 10 ደቂቃ ታቆያለህ፣ ታጥባለህ፣ ሽታው እስኪጠፋ ታለቀልቃለህ። ሽቶ ያለውን በረኪና አትጠቀም፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም አትቀላቅል፣ በተለይ ከአሲድ ጋር፣ የሚወጣው ጋዝ በረት ውስጥ ሰውም ከብትም ይጎዳል። ፀሐይ ላይ ወራት የቆየ በረኪናም ኃይሉ አልቋል፣ የሚሸት ውሃ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ሮቶውንና በርሜሉን በተመለከተ፣ ውሃው የመጣው በቦቴ ከሆነና ከየት እንደቀዳው እርግጠኛ ካልሆንክ እዛው ማከም ይቻላል። ለ200 ሊትር በርሜል ከዛው 5 በመቶ በረኪና 8 ሚሊ፣ ለ1000 ሊትር 40 ሚሊ፣ በመርፌ ሲሪንጅ ለክተህ። አማስለህ 30 ደቂቃ ቆይና አሽተው፣ ትንሽ የበረኪና ሽታ ካለው ሰርቷል። ምንም ካልሸተተ ያንኑ መጠን አንዴ ድገም፣ አሁንም ካልሸተተ ውሃው በጣም ቆሻሻ ነው፣ በረኪና እየጨመርክ አትድከም። ድፍርስ ከሆነ አስቀድመህ አዝቅጠውና ጥርቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥ። ይሄ የሚሰራው ተከድኖ ለተቀመጠ ውሃ ነው፣ ገንዳው ላይ ግን አትመን፣ ከላሟ ምራቅና ከፉርሽካው ጋር ሲገናኝ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። ገንዳ ላይ ቡሩሽ ነው የሚያዋጣው።

በረኪና የማይነካቸው ነገሮችም አሉ፣ እሱን ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። አንዳንዱ ሰው ውሃ ሲጠፋ ከብቱን ወደ አቃቂ ወንዝ ይነዳል። ያ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ሁሉ ተሸክሞ ነው እዚህ የሚደርሰው፣ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየምና ሌላው ብረታ ብረት በክሎሪን አይጠፋም፣ በማዝቀጥም እንዳለ አይወጣም፣ ስለዚህ ምንም ብታደርገው የከብት መጠጥ አይሆንም። በሰሜን በኩል፣ ሱሉልታ አካባቢ ያሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፣ ረግረጉ ነው። እዛ ቀንድ አውጣዋ የጉበት ትል ታራባለች፣ ትሉ ከሷ ወጥቶ በውሃው ዳርና በሳሩ ላይ ይለጠፋል፣ በግ ላይ ሲሆን ይገድላል፣ ላም ላይ ሲሆን ያከሳል፣ ወተት ይቀንሳል። ከምንጭና ከኩሬ የሚጠጣ ከብት አፍ ውስጥ ደግሞ አልቅት ይገባል፣ ምላስ ስር ወይም ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፣ በአፍንጫ ደም ሲወርድ «ተመታች እንዴ» ይባላል። መፍትሄው ሁለቱም ላይ አንድ ነው፣ ከብቱ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ አጥረህ ውሃውን ቀድተህ በገንዳ ማጠጣት፣ አልቅት የሚፈራበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሲቀዳ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል።

እትዬ ከዛ ወዲህ አንድ ነገር ለምደዋል፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ገንዳው ሲመጡ መጀመሪያ እጃቸውን በውስጥ ግድግዳው ላይ ያንሸራትታሉ። ካሟለጨ ቡሩሽ። ካልሟለጨ ከሰሉን አንስተው ጭረቱን ይቆጥራሉ። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ጭረት ብቻ አይተው ደውለውልኝ ነበር፣ ሄጄ ሳየው ልጁ ከሰሉ አልቆበት መጻፍ አቁሞ ነው።